ሜዳው ሚዳ ሲሆን፦ የአንድ አሮጌ መጽሐፍ ስካን የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ

መጽሐፉ በ1950ዎቹ በእርሳስ ፊደል ተለቅሞ የታተመ ነው። 184 ገጽ አለው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ዳር ዳሩም ይፈረፈራል። ደራሲው የትውልድ አካባቢያቸውን ታሪክ፣ የቦታ ስሞችንና የትውልድ ሐረግ ዝርዝር ነው የጻፉበት። እሳቸው ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗል፣ የተረፈው ደህና ቅጂም አንድ ብቻ ነው። እሱም ጡረታ የወጡ መምህርት በሆኑት ልጃቸው እጅ ነው ያለው።

ልጃቸው ውጭ አገር ካሉት ወንድሞቻቸው ጋር ተማክረው መጽሐፉን እንደነበረ ማሳተም ፈለጉ። «እንደነበረ» ሲሉ የምር ነው፤ ያው ፊደል፣ ያው ገጽ። አዲስ ይተየብ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፣ እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም። አባታቸው ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐ ከሀሌታው ሀ ለይተው ነው የሚጽፉት፤ የሚተይበው ልጅ ደግሞ ጣቱ የለመደውን ነው የሚመታው። ሐሳባቸው ልክ ነው።

ስለዚህ መጽሐፉ አንድ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ተወሰደ፣ ስካን ተደረገ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ ተመለሰ። ሲያዩት ያምራል። ወረቀቱ ነጭ፣ ፊደሉ ጥቁር፣ የሻይ ጠብታ ሳይቀር ጠፍቷል። ሴትዮዋ ግን መምህርት ናቸውና ቁጭ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ገጽ 41 ላይ ቆሙ። «አባቴ እኮ ሚዳን ረግጠው አያውቁም። ይሄ ሜዳ ነው» አሉ።

ሚዳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ አገር ነው። ሜዳ ደግሞ ሜዳ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸው፣ ለዚህ ነው ማንም ሌላ ሰው ዓይኑ ሳይቆም ያልፈው የነበረው። እኔ የህትመት ዝግጅት ሥራ ስለምሠራ ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው እዚህ ጋ ነው።

## ችግሩ ፊደሉ ላይ የት እንደሚደበቅ

የእኛ ፊደል ከቤተሰቡ የሚለየው በዋናው ቅርጹ ሳይሆን በተቀጥላው ነው። ሚ እግሯ ሥር ትንሽ ጭረት አለቻት። ሜ በዚያው ቦታ ቀለበት አላት። የቀለበቷ ቀዳዳ ከተደፈነ ኃምሱ ሣልስ ሆኖ ያርፈዋል። ቤ ቢ ይሆናል፣ ሴ ሲ ይሆናል፣ ኬ ኪ ይሆናል። ያየሁት ብልሽት አብዛኛው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ከዚህ ተቃራኒ ነው። ቸ፣ ኘ እና ሸ ከተ፣ ከነ እና ከሰ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች አግድም ጭረት ነው። በእርሳስ ፊደል ደግሞ ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ቀለሙ የሳሳበት ገጽ ላይ መጀመሪያ የምትጠፋው ይቺው አግዳሚ ናት። ስትጠፋ ሸማ ሰማ ሆኖ ይነበባል። እዚህም ሁለቱም ቃል ናቸው፣ አንባቢ አይጠረጥርም።

የነገሩ ክፋት ሁለቱ ብልሽቶች ወደ ተለያየ አቅጣጫ መጎተታቸው ነው። ምስሉን ስታጠቁረው አግዳሚዋ ትድናለች፣ ቀለበቷ ግን ትደፈናለች። ስታሳሳው ቀለበቷ ትከፈታለች፣ አግዳሚዋ ግን ትበጠሳለች። በጽሕፈት ቤቱ ስካን ላይ ሁለቱም በአንድ ገጽ ተከስተው ነበር፤ ከላይ ተበጥሷል፣ ከታች ተደፍኗል።

## መጀመሪያ የተሞከሩት

ጽሕፈት ቤቱ የሠራበት መሣሪያ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንተርና ስካነር በአንድ ላይ የያዘ ነው። መቼቱ «ጽሑፍ» የሚለው ላይ ነበር፤ 200 ዲፒአይ ማለትም በአንድ ኢንች 200 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ። እዚህ መቼት ላይ ማሽኑ እያንዳንዱን ነጥብ ጥቁር ወይ ነጭ ብሎ እዚያው ይወስናል። ከዚያ በኋላ በማንኛውም ፕሮግራም ብትደክሙ የሚመለስ ነገር የለም። ግራጫው ተጥሏል።

ስካን ያደረገው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ነገሩን ሲያይ ራሱ በግራጫ ደገመው፤ ዲፒአዩን ግን 200 ላይ ተወው። ምስሉ ላይ የማጥሪያ ማጣሪያ ጣለበት፣ ንፅፅሩን ከፍ አደረገው። «ጋሼ፣ አሁንስ ጥርት ብሏል» ብሎ አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ከሩቅ ጥርት ብሏል። ማጥሪያው ግን የሚሠራው ጠርዝ ላይ ያለውን ጥቁር ይበልጥ ጥቁር፣ ነጩን ይበልጥ ነጭ በማድረግ ነው። ውስጡ ግራጫ የሆነ ቀለበት ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቁር ይገፋዋል። በተጨማሪ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ያሳያል፤ ንፅፅሩ ሲጨምር እሱም አብሮ ደመቀ።

ከዚያ በእጅ እንጠግነው ተባለ። ፎቶሾፕ ተከፍቶ ቀለበት መሳል ተጀመረ። ይህን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። የተደፈነ ፊደል አጉልቶ የሚያይ ሰው ሚ ይሁን ሜ አያውቅም፣ ከቃሉ ተነስቶ ነው የሚገምተው። የቦታና የሰው ስም ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚገምትበት ነገር የለውም። ስሙን ራሱ ሊፈጥረው ነው።

## ስካኑ ይበቃል ወይስ አይበቃም?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው።

ገጽ 41ን በግራጫ ስካን ከፍቼ ሁለት ነገር ብቻ ለካሁ። ማንኛውም የምስል ፕሮግራም ላይ ቀለም መምረጫውን ፒክስል ላይ ስታሳርፉት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። አንደኛው ልኬት የሜ ቀለበት መሃል፣ ሁለተኛው በዚያው ገጽ የሸ አናት ላይ ያለችው የሳሳች ጭረት።

በ200 ዲፒአይ ስካን ላይ የቀለበቷ ቀዳዳ 150 አካባቢ ነበረች። የሸ ጭረት 178። ልብ በሉ፦ ነጭ መሆን የነበረበት ቀዳዳ፣ ጥቁር መሆን ከነበረበት ጭረት ይበልጥ ጠቁሯል። ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ማለት አንድ ድንበር አስምሮ ከድንበሩ በታች ያለውን ጥቁር፣ በላይ ያለውን ነጭ ማድረግ ነው። እዚህ ምስል ላይ ሁለቱንም በትክክል የሚለይ ድንበር የለም። የትም ብታሰምሩት አንዱ ይሞታል። ፕሮግራም ቢቀየር፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢለፋ ለውጥ አያመጣም።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል ስሌቱ አጭር ነው። የመጽሐፉ ፊደል ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቀለበቷ ቀዳዳ 0.2 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። በ200 ዲፒአይ 1 ሚሊ ሜትር 8 ፒክስል አይሞላም፣ ስለዚህ ቀዳዳዋ አንድ ፒክስል ተኩል ናት። ፒክስሉ ከቀዳዳው ነጭ ትንሽ፣ ከቀለበቱ ጥቁር ብዙ ወስዶ አማካዩን ይመዘግባል። በ300 ዲፒአይ ወደ ሁለት ተኩል ትጠጋለች። በ600 ዲፒአይ አራት ከምናምን ፒክስል ትሆናለች፣ ያኔ ቢያንስ መሃሏ ያለው ፒክስል ከቀለበቱ ጋር ሳይቀላቀል ብቻውን ይቀራል።

300 ዲፒአይ ይበቃል የሚለው ምክር ለላቲን ፊደል የተለመደ ነው፣ እዚያ ከባድ የሚባለው የ«e» ቀዳዳ ራሱ ከእኛ ቀለበት ይሰፋል። ትልቅ ፊደል ላለው የአማርኛ መጽሐፍ 300 ሊያዋጣ ይችላል። ለዚህኛው ግን አያዋጣም።

## ዳግም ስካን

መጽሐፉ እንደ ሰነድ ጠፍጣፋ መስታወት ባለው ስካነር እንደገና ተሠራ። በላይ በኩል ወረቀት እየሳበ የሚያስገባው ዓይነት ለእንዲህ ያለ ወረቀት አይሞከርም፣ ይቀደዳል። 600 ዲፒአይ፣ ባለ ቀለም፣ ቲፍ ፋይል። ጄፔግ አልተጠቀምንም፤ ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ሰድሮ ስለሚጨምቅ በፊደሉ ጠርዝ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይተዋል፣ ያ ጭጋግ ደግሞ ቀለበቷ ውስጥ ይገባል። የስካነሩ ሶፍትዌር በራሱ የሚያበራቸው ማሻሻያዎች ሁሉ ጠፉ፦ ማጥሪያ፣ ጀርባ ማንጫ፣ አቧራ ማስወገጃ።

ከእያንዳንዱ ቅጠል ጀርባ ጥቁር ወረቀት ይገባል። ይሄ ነጻ ዘዴ ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የስካነሩ ክዳን ነጭ ስለሆነ ብርሃኑ ስሱን ወረቀት አልፎ ከክዳኑ ነጥሮ ይመለሳል፤ ሲመለስ የጀርባውን ገጽ ጽሑፍ ጥላ ይዞ ነው የሚመጣው። ጥቁሩ ወረቀት ብርሃኑን ይውጠዋል። ገጹ በጠቅላላው ትንሽ ይጠቁራል፣ ግን እኩል ስለሚጠቁር በኋላ ይስተካከላል።

ባለ ቀለም ምስል ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ብርሃን ለየብቻ በሦስት ቻናል ይመዘግባል፤ ባለ ቀለም ያደረግነው ለቀይ ቻናሉ ብለን ነው። ያረጀ ወረቀት ቢጫና ቡናማ ነው፣ የሻይ ጠብታም እንደዚያው። በቀዩ ቻናል ሲታዩ እነዚህ ሁሉ ወደ ነጭ ይጠጋሉ፣ የህትመቱ ጥቁር ቀለም ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ገጽ 3 ላይ የነበረ ቀይ ማኅተምም በዚሁ ቻናል ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ለቆ ሄደ። (ማኅተሙን ቤተሰቡ ስለፈለገው ያ ገጽ ለብቻው በቀለም ታትሟል።)

አዲሱን ስካን እንደገና ለካሁት። ጀርባው ከተስተካከለ በኋላ ገጽ 41 ላይ የሜ ቀዳዳ 186፣ የሸ ጭረት 172 ሆኑ። ክፍተቱ ሰፊ አይደለም፣ ግን አሁን ትክክለኛው በትክክለኛው በኩል ነው። ቀዳዳው ከጭረቱ ይነጣል። መካከላቸው ድንበር ማስመር ይቻላል ማለት ነው።

## ድንበሩን ማስመር

ለመላው ገጽ አንድ ድንበር የሚያሰምሩ ዘዴዎች አሉ፣ የታወቀው የኦትሱ ዘዴ ነው። ለዚህ መጽሐፍ አልሆነም። ገጹ ከመሃል ወደ ጥርዙ ሲሄድ ስለሚጠቁር፣ ዳር ላይ ሁሉም ይደፈናል። የተጠቀምነው የሳውቮላን ዘዴ ነው። ይሄኛው ለእያንዳንዱ ፒክስል በዙሪያው ያለውን ትንሽ መስኮት አይቶ የራሱን ድንበር ያሰላል፦

```
T = m * (1 + k * (s / R - 1))
```

`m` የመስኮቱ አማካይ ብርሃን ነው፣ `s` ደግሞ በመስኮቱ ውስጥ ያለው የጥቁርና የነጭ መበታተን። `R` 128 ነው። እኛ የምንነካው `k` ን ብቻ ነው። `k` ሲያንስ ድንበሩ ከፍ ይላል፣ ፊደሉ ይወፍራል። `k` ሲጨምር ድንበሩ ዝቅ ይላል፣ ፊደሉ ይሳሳል።

በገጽ 41 ቁጥር እንየው። በጽሑፉ መሃል `m` 200፣ `s` 70 አካባቢ ነው። `k` 0.1 ሲሆን ድንበሩ 191 ላይ ያርፋል፤ የሜ ቀዳዳ 186 ነች፣ ከድንበሩ በታች ስለሆነች ትጠቁራለች፣ ሜዳ ሚዳ ሆነ። `k` 0.35 ሲሆን ድንበሩ 168 ነው፤ የሸ ጭረት 172 ነች፣ ከድንበሩ በላይ ስለሆነች ትነጣለች፣ ሸማ ሰማ ሆነ። 0.2 ላይ 182 ይመጣል። ሁለቱም ዳኑ። ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ምትሃት የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር፦

```python
import cv2
from skimage.filters import threshold_sauvola

img = cv2.imread("p041.tif")
g = img[:, :, 2]                      # ቀዩ ቻናል
bg = cv2.medianBlur(g, 151)           # የወረቀቱ ጀርባ ብቻ
flat = cv2.divide(g, bg, scale=255)   # ጀርባውን ማስተካከል
flat = cv2.resize(flat, None, fx=2, fy=2,
                  interpolation=cv2.INTER_CUBIC)
t = threshold_sauvola(flat, window_size=121, k=0.2, r=128)
cv2.imwrite("p041_bw.png", ((flat > t) * 255).astype("uint8"))
```

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ምስሉ ሁለት እጥፍ የሚያድገው ገና ግራጫ እያለ ነው። ግራጫው በፒክስሎች መካከል ጠርዙ የት እንዳለ ይነግራል፤ ጥቁርና ነጭ ከሆነ በኋላ ብታሳድጉት ደረጃ ደረጃ የሆነ ጠርዝ ነው የምታገኙት። ጠማማ ገጽ ማቃናትም እንዲሁ ግራጫ እያለ ይሠራል፣ በኋላ ከሆነ ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ይሰባበራሉ። ሁለተኛ፣ `r=128` ተብሎ በግልጽ መጻፉ ለቁም ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ምስሉን ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ቀይሮ ያስገባና ፕሮግራሙ `R` ን በራሱ ሲገምት ውጤቱ የማይሆን ይሆንበታል።

0.2 ለመላው መጽሐፍ አልሠራም። ከገጽ 150 በኋላ ያለው የትውልድ ሐረግ ዝርዝር ባነሰ ፊደል የተለቀመ ነው፣ ቀለሙም የበዛበት ነው። እዚያ ቀዳዳዎቹ ይበልጥ ጠባብ ስለሆኑ 0.26 ያስፈልግ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቁጥር ሮጦ መጨረስ ያጓጓል፣ ግን ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ መጥፎ ገጽ መርጦ ሁለቱን ልኬት መድገም ብዙ ጊዜ አይወስድም። መጥፎ ገጽ ነው የምላችሁ። ደህናው ገጽ በሁሉም ቁጥር ያምራል።

ሌላው ደግሞ ወረቀት ላይ ቀለም ይስፋፋል። ስክሪን ላይ በጭንቅ ክፍት የሆነች ቀለበት ማተሚያው ላይ ትዘጋለች። ስለዚህ መጨረሻ ከመወሰኑ በፊት አራት ገጽ በሚታተምበት ወረቀትና ማሽን ተሞከረ፣ ከዚያም የዝርዝሩ ክፍል `k` ትንሽ ተጨመረለት።

## ጽዳት ሲበዛ

የጽሕፈት ቤቱ ፒዲኤፍ ላይ ሌላም ነገር ነበር። መጽሐፉ በድሮው ልማድ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለው። በብዙ ቦታ ከሁለቱ ነጥብ አንዱ የለም። አራት ነጥቡ ሁለት ሆኗል። የገጽ ቁጥሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በግዕዝ ቁጥር ናቸው፣ ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞቻቸው ተቆራርጠዋል። ይህን ያደረገው አቧራ ማስወገጃው ነው። ለእሱ ትንሽና ብቻውን የቆመ ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው። እኛ ደግሞ ትንሽና ብቻውን በቆመ ነገር ነው የምንጽፈው።

መፍትሔው ማጽዳትን መተው አይደለም፣ ገደቡን ከነጥቡ መጠን ተነስቶ መወሰን ነው። ባደገው ምስል ላይ የዚህ መጽሐፍ አንድ ነጥብ ወደ 16 ፒክስል ስፋት አላት፣ ይህም በጠቅላላው 200 ፒክስል ገደማ ነው። የተሸራረፉት ትንንሾቹ ነጥቦች ከ60 በታች አልወረዱም። ስለዚህ ከ40 ፒክስል በታች የሆነው ብቻ ተጠረገ። አንዳንድ ነቁጥ ቀረ። ይቅር፣ ማንም በነቁጥ ምክንያት ቃል አይሳሳትም።

## ፒዲኤፉ ላይ የመጣው ጉድ

ሁሉም ካለቀ በኋላ አቀማመጡን የሚሠራው ልጅ ለውጭዎቹ ወንድሞች በኢሜይል እንዲሄድ ፋይሉን አሳነሰው። ሴትዮዋ ያንኑ በስልካቸው ከፍተው አነበቡ። ኬላ የሚለው ኪላ ሆኗል። «ይሄም እንደ ሚዳው ነው?» ብለው ደወሉልኝ።

እንደ ሚዳው አልነበረም። ያኛው የተደፈነ ፊደል ነው፣ ሲጎላ ቀለበቱ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይታያል። ይሄኛው ግን ሲጎላ ንጹሕ ኪ ነው። ጭረቷ ሳትቀር ጥርት ያለች። ዋናውን ምስል ከፈትኩት፣ እዚያ ንጹሕ ኬ አለ። ማለትም ፊደሉ አልተበላሸም፣ ተተክቷል።

ይህን የሚያደርገው ጄቢግ2 የሚባለው የጥቁርና ነጭ ምስል መጭመቂያ ነው፣ መረጃ በሚጥለው አሠራሩ። ገጹ ላይ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን ይሰበስብና ለሁሉም አንድ ናሙና አስቀምጦ በየቦታው ያንኑ ይለጥፋል። ፋይሉ በጣም ያንሳል። ሁለት ቅርጾች ተመሳሳይ ናቸው ወይ የሚለውን ግን የሚወስነው በስንት ፒክስል እንደሚለያዩ አይቶ ነው። ኬ እና ኪ የሚለያዩት በጥቂት ፒክስል ነው፣ በተለይ ፋይሉ መጀመሪያ ወደ 200 ዲፒአይ ከወረደ።

ችግሩ ለዓለም አዲስ አይደለም። በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የዜሮክስ ማሽኖች ስካን ሲያደርጉ አኃዝ እንደሚቀይሩ ደርሶበት ነበር፤ የቤት ፕላን ላይ 21.11 ካሬ ሜትር የነበረ ክፍል 14.13 ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ ይኸው መጭመቂያ ነበር፣ ኩባንያውም ማስተካከያ አወጣ። እዚያ አደጋው ሲወራ የነበረው በ6 እና በ8 ነው። የእኛን ፊደል ስታስቡት ከዳር እስከ ዳር 6 እና 8 ነው።

ፒዲኤፉ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት፦

```
pdfimages -list kitab.pdf
```

`enc` የሚለው ዓምድ ሥር `jbig2` ካለ ይጠርጠር። ጄቢግ2 መረጃ የማይጥል አሠራርም ስላለው ስሙ ብቻ አይፈረድበትም፣ ምስሉን አውጥቶ ከዋናው ጋር ማስተያየት ነው፦

```
pdfimages -png -f 41 -l 41 kitab.pdf x
magick compare -metric AE p041_bw.png x-000.png null:
```

መልሱ 0 ከሆነ አንድም ፒክስል አልተነካም። የልጁ ፋይል ላይ ማወዳደርም አያስፈልግም ነበር፣ የምስሉ ስፋት ራሱ ቀንሷል። ገጾቹ በ`img2pdf` እንደገና ተጠረዙ፤ ይሄ መሣሪያ ምስሉን ሳይነካ ነው ፒዲኤፍ ውስጥ የሚያስቀምጠው። ፋይሉ ከበፊቱ በጣም ከበደ፣ በኢሜይልም አልገባም። በሊንክ ላክንላቸው።

## ለሌላ ሥራ የሚወሰደው

ለእኔ ከዚህ ሥራ የቀረው ልማድ የመፈተኛ ጥንድ መያዝ ነው። ገጹ አምሮ እንደሆነ ማየት ትቻለሁ። ሥራ ስጀምር ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሜ ከሚ፣ አንድ ኬ ከኪ፣ አንድ ሸ ከሰ፣ አንድ ኘ ከነ፣ አንድ አራት ነጥብና አንድ የግዕዝ ቁጥር ከነሰረዙ ቆርጬ በአንድ ምስል ላይ እደረድራለሁ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ያንኑ እከፍታለሁ፦ ከስካን፣ ከድንበር፣ ከጽዳት፣ ከፒዲኤፍ፣ ከሙከራ ህትመት። ጥንዱ የጠፋበት እርምጃ ጥፋተኛው ነው። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ብቻ ስለሚያይ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ሁሉንም ይነካካል።

በታይፕራይተር የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ ግን ቁጥሮቹ ይለያያሉ። እዚያ አግዳሚና ቋሚው ውፍረታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ጭረት የመጥፋቱ ስጋት ያንሳል፣ ሪባኑ ቀለም የሚሞላቸው ቀለበቶች ግን ይብሳሉ። ስለዚህ `k` ከፍ ይላል። የካርቦን ቅጂ ከሆነ ፊደሉ ራሱ ደብዛዛ ነው፣ ቀዳዳውና ጭረቱ አንድ ቁጥር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ጥቁርና ነጭ ማድረጉን ትቼ በግራጫ እንዲቀመጥ ነው የምመክረው። ማተሚያው ላይ ግራጫ ወደ ነጠብጣብ ስለሚቀየር ፊደሉ ጠርዙ አይጠራም፣ አንባቢ ግን ፊደሉን አይቶ ራሱ ይፈርዳል።

## ያልተመለሱት

የተወሰኑ ፊደላት አልዳኑም። ዋናው ወረቀት ላይ ራሱ ቀለሙ ሞልቷቸዋል፤ ወይ እርሳሱ አርጅቶ ነው፣ ወይ ያን ቀን ቀለም በዝቶ። ስካን የሌለውን አያመጣም።

ለእነዚህ የሞከርነው መብራት በጎን ማብራት ነው። የእርሳስ ፊደል ወረቀቱን ተጭኖ ስለሚያልፍ ጎድጎድ ያለ አሻራ ይተዋል። ክፍሉን አጨልሞ የስልክ መብራት ከወረቀቱ ጋር ተኝቶ ሲበራ የሚና የሜ አሻራ ይለያል፦ ሜ ከሆነች ጉድጓዱ ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ ያልተጫነች ቅንጣት ትታያለች፣ ቀለም ቢሸፍናትም። በዚህ ዘዴ የተወሰኑት ታወቁ። የዝርዝሩ ክፍል ላይ ግን ወረቀቱ በእርጥበት ስላበጠ አሻራው ጠፍቷል፣ አልሠራም።

ገጹ ላይ የትኛውም ፊደል በእጅ አልተነካም። በጎን መብራት የታወቁትና ሴትዮዋ ከቤተሰቡ ጠይቀው ያረጋገጧቸው ስሞች መጨረሻ ላይ በአንድ የእርማት ገጽ ከነገጽ ቁጥራቸውና ከነመስመራቸው ተዘርዝረዋል። ማንም ያላወቃቸው ሦስት ስሞች ደግሞ እዚያው ሥር ሁለቱም አነባበብ ተጽፎላቸዋል።